12 በመቶ ወይስ 1,200 ብር? ፖስታው ውስጥ የሚገባውን እናስላ

*ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ካሸር ነኝ። ደመወዜ 9,200 ብር ነው፤ ሌላ አበል የለኝም። አሠሪያችን ለሠራተኛ ማኅበራችን ሁለት ምርጫ ሰጥቶናል፦ ወይ ለሁሉም 12 በመቶ ይጨመር፣ ወይ ለሁሉም እኩል 1,200 ብር። 40 ሠራተኞች ነን፤ የሁላችንም የወር ደመወዝ ሲደመር 312,000 ብር ነው። የጽዳት ልጆች 4,500 ያገኛሉ፣ ዋናው ሼፍ 18,000። ሐሙስ ድምፅ እንሰጣለን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ከ10,000 ካለፍሽ ግብሩ 30 በመቶ ስለሚሆን ጭማሪው ይጎዳሻል» ብሎ አስፈራርቶኛል። እኔ የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ዘንድሮ የቤት ኪራይ 500 ብር ጨምሮብኛል፣ ባጃጅም በአንድ ጉዞ 5 ብር። የቱን ልምረጥ?*
*ካሸሯ ነኝ*

እህቴ፣ በቅድሚያ ከባልደረባሽ ፍርሃት እንጀምር። እሱ ሳይጠራ ሌላው ስሌት ሁሉ ያምታታል። 10,000 ብርን ማለፍ አይጎዳሽም። ሊጎዳሽም አይችልም።

የደመወዝ ግብር የሚሰላው በእርከን ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። በዚህ አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው ብቻ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። «ያለው ብቻ» የሚለውን ልብ በይ። 10,400 ብር ብታገኚ 30 በመቶ የሚቆረጠው ከ400 ብሯ ላይ ነው። የታችኛው 10,000 እንደ ድሮው በየእርከኑ ይቆረጣል፤ አንዲት ሳንቲም አይጨመርበትም።

ፔሮል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሁሉ እርከን አንድ በአንድ አይደምሩም። አቋራጭ አላቸው። ሙሉ ደመወዙን በመጨረሻው እርከን መቶኛ ያባዙና የተወሰነ ተቀናሽ ያነሱለታል። ለ25 በመቶው እርከን ተቀናሹ 850 ብር ነው፤ ለ30 በመቶው 1,350። ፍርሃቱ የሚወለደው እዚች ጋ ነው። ሰው 10,400ን በ30 በመቶ ያባዛና 3,120 ያገኛል። ተቀናሹን ይረሳዋል። ከዚያ ጡረታውንም ሲያነሳ የሚቀረው 6,552 ብር ይሆንበታል፤ ካንቺ ከአሁኑ የተጣራ ደመወዝ ያነሰ ማለት ነው። «አየሽ፣ ጭማሪው ጎዳሽ!» ይላል። ስሌቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው።

ራስሽ ልትፈትኚው ትችያለሽ። በ10,000 ብር ላይ ያለውን ግብርና በ10,001 ብር ላይ ያለውን አወዳድሪ።

```
10000 × 0.25 − 850  = 1650.00
10001 × 0.30 − 1350 = 1650.30
```

አንድ ብር ጨመረ፣ ግብሩ በ30 ሳንቲም ጨመረ። በቃ። ይህን ሁለት መስመር ለባልደረባሽ አሳዪው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ አንቺ ፖስታ እንምጣ። ከደመወዝሽ ሁለት ነገር ይቆረጣል፦ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ። ጡረታው ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ይሰላል። ግብሩም ከሙሉው ላይ ይሰላል፤ ጡረታው ተቀንሶ በቀረው ላይ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ጡረታውን አስቀድሞ ያነሳና ግብሩን አሳንሶ ያገኘዋል።

ዛሬ 9,200 ብር ላይ ግብርሽ 1,450፣ ጡረታሽ 644 ነው። እጅሽ የሚገባው 7,106 ብር። የክፍያ ወረቀትሽን አውጪና አመሳክሪው፤ ይህ ቁጥር ከተገናኘ የቀረው ስሌት ሁሉ ይገናኛል።

1,200 ብር ቢጨመርልሽ ደመወዝሽ 10,400 ይሆናል።

```
ግብር   10400 × 0.30 − 1350 = 1770
ጡረታ   10400 × 0.07        = 728
የተጣራ  10400 − 1770 − 728  = 7902
```

ከ7,106 ወደ 7,902፤ ማለትም 796 ብር። ከተጨመረልሽ 1,200 ውስጥ 320ው ለግብር፣ 84ቱ ለጡረታ ሄደ።

12 በመቶ ቢጨመርልሽ ደግሞ ጭማሪው 1,104 ብር ነው። ደመወዝሽ 10,304 ይሆናል። በዚሁ መንገድ ስታሰይው የተጣራው 7,841 ብር ከ52 ሳንቲም ይመጣል። ጭማሪሽ በእጅ 735 ብር ከ52 ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ላንቺ ቁርጥ ብሩ ይሻላል። ግን ልዩነቱን በደንብ እዪው፦ በወር 60 ብር ገደማ ነው። ለ60 ብር ብለሽ ሐሙስ ዕለት ከሰው ጋር አትጣይ። በዚህ ምርጫ ውስጥ ከዚህ 60 ብር የሚበልጡ ጉዳዮች አሉ፤ ወደነሱ እመጣለሁ።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። «12 በመቶ» የተባለው ጭማሪ እጅሽ ሲደርስ 12 በመቶ አይደለም። 735 ከ52ን ለ7,106 ስታካፍይው 10.35 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭማሪው የሚያርፈው ሁልጊዜ ከላይ፣ ከፍ ባለው እርከን ላይ ነው። ከአሁኑ ደመወዝሽ በአማካይ 16 በመቶ ያህሉ ነው ለግብር የሚሄደው፤ ከጭማሪው ግን 25 እና 30 በመቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሠሪ በመቶኛ ሲያወራ አንቺ በልብሽ ወደ ተጣራው መመለስ አለብሽ።

አሁን ስለ መሸጋገሪያው ነጥብ። ሁለቱ ምርጫዎች እኩል የሚሆኑበት አንድ ደመወዝ አለ። ቁርጡን ብር ለመቶኛው ማካፈል ነው፦ 1,200 ለ0.12 ሲካፈል 10,000። ከ10,000 በታች የሚያገኝ ሰው ቁርጡ ይሻለዋል። ከ10,000 በላይ የሚያገኝ መቶኛው ይሻለዋል። ይህ ከግብር በፊትም ከግብር በኋላም ያው ነው፤ ግብር የጭማሪውን መጠን ያሳንሳል እንጂ የትኛው እንደሚበልጥ አይቀይርም። በግብር እርከን ውስጥም 10,000 የሚባል ድንበር መኖሩ አጋጣሚ ነው፤ ሁለቱን እንዳታደባልቂ። ቁርጡ 1,500 ቢሆን ኖሮ መሸጋገሪያው 12,500 ይሆን ነበር።

ይህ 10,000 ለአሠሪሽም ትርጉም አለው። የናንተ አማካይ ደመወዝ 312,000 ለ40 ሲካፈል 7,800 ነው። አማካዩ ከመሸጋገሪያው በታች ነው። ስለዚህ አሠሪው 12 በመቶ ቢከፍል በወር 37,440 ብር ያወጣል፤ እኩል 1,200 ቢከፍል 48,000። ልዩነቱ 10,560 ብር ነው፤ እሱ ከራሱ የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሳይታሰብ። ሁለቱ ምርጫዎች አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸው መስለው ቀረቡላችሁ እንጂ አይደሉም። ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ ይህን ቁጥር ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ማኅበሩ በድርድር ሊጠቀምበት የሚችል ትልቁ መረጃ ይሄ ነው።

አብረውሽ የሚሠሩትንም እንያቸው። የ4,500 ብር የጽዳት ሠራተኛዋ ያለችው 20 በመቶ እርከን ላይ ነው። ከምትጨመርላት እያንዳንዷ ብር ላይ 20 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ሳንቲም ለጡረታ ይሄዳል፤ 73 ሳንቲም ይቀራታል። 12 በመቶ ማለት ለሷ 540 ብር ነው፤ እጇ የሚገባው 394 ብር ከ20 ሳንቲም። ቁርጡ 1,200 ቢሆን ግን 876 ብር ይገባል። ከእጥፍ በላይ ነው። አሁን የምትወስደው 3,785 ብር ስለሆነ በቁርጡ 23 በመቶ ታድጋለች። ለሷ ይህ ድምፅ የ60 ብር ጉዳይ አይደለም።

ሼፉ 35 በመቶ እርከን ላይ ነው፤ ከጭማሪው ብር 58 ሳንቲም ነው የሚቀረው። ቁርጡ ለሱ 696 ብር ነው። መቶኛው 2,160 ስለሆነ በእጁ 1,252 ብር ከ80 ሳንቲም ይገባል። ልብ በይ፦ ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም «እኩል 1,200» ቢባልም ለጽዳት ሠራተኛዋ 876፣ ላንቺ 796፣ ለሼፉ 696 ሆኖ ነው የሚደርሰው።

እኔ በበኩሌ ከታች ላሉት ማድላቱ ትክክል ይመስለኛል፤ 3,785 ብር ይዞ ባሕር ዳር ወር መጨረስ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን የሼፉም ቅሬታ ተራ ነገር አይደለም። ዛሬ ደመወዙ የጽዳት ሠራተኛዋን 4 እጥፍ ነው። ከቁርጡ ጭማሪ በኋላ 19,200 ለ5,700 ይሆናል፤ ወደ 3.4 እጥፍ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ችግር የለውም። በየዓመቱ እንዲህ ከተደረገ ግን ሙያ ያለው ሰው ልምዱ ዋጋ እያጣ እንደሆነ ይሰማዋል፤ ከዚያ ከሐይቁ ዳር ያለው ሌላ ሆቴል ሲጠራው ይሄዳል። ጥሩ ሼፍ የሄደበት ሆቴል ገበያው ሲቀንስ የሚጎዳው ደግሞ ሁሉም ነው።

አሁን ከ60 ብሩ የሚበልጠው የመጀመሪያው ጉዳይ፦ ይህ ጭማሪ አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚደገም?

የዘንድሮው ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ከላይ ያየነው ነው፤ ቁርጡን ምረጪ። በየዓመቱ የሚደገም ከሆነ ግን መቶኛው ራሱ ላይ ራሱ እየወለደ ይሄዳል። ያንቺን እንይ። በመቶኛው የመጀመሪያው ዓመት 10,304፣ ሁለተኛው 11,540፣ ሦስተኛው 12,925 ይሆናል። በቁርጡ 10,400፣ 11,600፣ 12,800። ሁለት ዓመት ቁርጡ ይመራል፤ በሦስተኛው መቶኛው በ125 ብር ይቀድመዋል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም አንዴ 10,000ን ካለፍሽ በኋላ አንቺም በሼፉ ወገን ሆነሻል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን እዚያ ለመድረስ በመቶኛው ብቻ ብትሄድ ከ7 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። እሷን «ቆይ፣ መቶኛው በኋላ ይበልጣል» ብሎ ማሳመን ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ይበልጣል» ብቻ አይደለም፤ «በኅብረት ስምምነቱ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል» የሚለው ነው። «በየዓመቱ» የሚል ቃል ከሌለ አይደገምም ብላችሁ አስቡ። የአፍ ቃል በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ሲቀዘቅዝ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፦ 1,200 ብሩ የሚጨመረው በደመወዝ ላይ ነው ወይስ በአበል መልክ? መቶኛ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ራሱ ያድጋል። ቁርጥ ብር ሲሆን ግን «የኑሮ ድጎማ» ወይም «የቤት አበል» ተብሎ በሌላ ዓምድ ሊገባ ይችላል። የዚያን ዕለት ደስ ይላል፤ እንዲያውም ፖስታሽ በ84 ብር ይወፍራል። ጡረታ ስለማይቆረጥበት 7,902 መሆኑ ቀርቶ 7,986 ይገባሻል። ግብሩ ግን ያው ነው፤ እንዲህ ያለ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል አበል ከግብር አያመልጥም።

በምትኩ ምን ታጫለሽ? ያንቺ 84 ብር ወደ ጡረታ አይገባም፤ አሠሪውም በላዩ ላይ ሊያዋጣልሽ የሚገባው 132 ብር አይገባም። በወር 216 ብር ከጡረታሽ ቀረ ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ሲባል አበልና ቦነስ አይቆጠርም፤ የትርፍ ሰዓት የሚሰላው ደግሞ ከደመወዙ ነው። የምሽት ትርፍ ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው፣ በ1.75 ይባዛል። ብዙ ፔሮል ወሩን በ208 ሰዓት ያካፍላል። 1,200 ብሩ ደመወዝ ውስጥ ከገባ በእያንዳንዱ የምሽት ትርፍ ሰዓት ላይ 10 ብር ገደማ ይጨምርልሻል። በሠርግ ሰሞን 20 ሰዓት ብትሠሪ 200 ብር ነው፤ በአበል መልክ ከተሰጠ ግን ዜሮ። የሥራ ስንብት ክፍያም ከደመወዝ ነው የሚሰላው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደፊት መቶኛ ሲጨመር የሚባዛው ደመወዙ ነው፤ አበሉ ባለበት ይቆማል። አበል በደብዳቤ ተሰጥቶ በደብዳቤ ሊነሳ ይችላል፤ ደመወዝ መቀነስ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ቁርጡን የምትመርጡት «በመደበኛ ደመወዝ ላይ ይደመራል» የሚል ከተጻፈ ብቻ ነው። በአበል መልክ ከሆነ መቶኛውን ውሰጂ፤ 60 ብሯና 84ቷ ተደምረውም ያን ሁሉ አያካክሱም። ለጽዳት ሠራተኛዋ ግን ምክሬ ሌላ ነው። በአበልም ቢሆን ቁርጡ ለሷ 960 ብር በእጅ ስለሚያስገባ መቶኛውን ምረጪ ልላት አልደፍርም። ማኅበሩ አጥብቆ መከራከር ያለበትም ለዚህ ነው፤ አበል ከተባለ ድምፃችሁ ለሁለት ይከፈላል።

ኪራይና ባጃጅሽን አልረሳሁም። የጭማሪው እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በነሱ ነው። በቁርጡ 796 ብር አገኘሽ። 500ው ለአከራይሽ ሄደ፤ 296 ቀረ። ከአባይ ማዶ ሆቴል ደርሰሽ ስትመለሺ ሁለት ጉዞ ነው፤ በ26 የሥራ ቀን ተጨማሪው 260 ብር ይሆናል። 36 ብር ቀረሽ። በመቶኛው ብንሄድ ደግሞ 24 ብር ከ48 ሳንቲም ይጎድልሻል። ይህ ገና ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ ሳይነሳ ነው።

ይህን ለምን አነሳሁት? ማኅበራችሁ ሲደራደር «12 በመቶ ተጨመረልን» ብሎ እንዳይረካ ነው። አሁን በ7,106 ብር የምትገዢው ነገር ሁሉ በ12 በመቶ ቢጨምር 7,958 ብር ከ72 ሳንቲም ያስፈልግሻል። ሁለቱም ምርጫዎች እዚያ አያደርሱሽም። 12 በመቶ የዋጋ ጭማሪን በ12 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ መሸፈን አይቻልም፤ ግብሩ መሀል ይገባል። ባንቺ ደመወዝ ያን 852 ብር ከ72 ሳንቲም በእጅ ለማግኘት 1,290 ብር ገደማ በወረቀት ላይ መጨመር አለበት፤ 14 በመቶ ማለት ነው። በድርድር ላይ መጠየቅ ያለበት ቁጥር ከዚህ ነው የሚነሳው።

ለሐሙስ የሚሆን ሦስተኛ መንገድም አለ። ሁለቱ ብቻ ናቸው ያለው አሠሪው ነው፤ ማኅበሩ ሌላ ማቅረብ ይችላል። ግማሽ በግማሽ ማድረግ የተለመደ ነው፦ ለሁሉም 600 ብር፣ በላዩ 6 በመቶ። ይህ አሠሪውን 42,720 ብር ያስወጣዋል፤ ከሁለቱ ምርጫዎች መሀል ነው። ላንቺ በእጅ 765 ብር ከ76 ሳንቲም ያመጣል፤ ከቁርጡ ያነሰው በ30 ብር ብቻ ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ 635 ብር፣ ለሼፉ 974 ብር። ሁሉም ትንሽ ይለቃል፣ ሁሉም ይወስዳል። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ካየሽ ይህን አንሺ። አዳራሹ ካልተከፈለ ግን አታንሺው፤ አብዛኛው ሠራተኛ ከ10,000 በታች ከሆነ ቁርጡ በድምፅ ያልፋል፣ ለናንተም በጠቅላላው የሚበልጠው እሱ ነው።

ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ደመወዝ ላይ ነው ወይስ አበል? በየዓመቱ ነው ወይስ ዘንድሮ ብቻ? ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይግባ።

ጭማሪው ከጸደቀ በኋላ የመጀመሪያውን የክፍያ ወረቀት ሳታይ አትፈርሚ። በቁርጡ 10,400 ከሆንሽ ግብር የሚለው ዓምድ ላይ 1,770 መኖር አለበት። 2,270 ካየሽ መቶኛውን ወደ 30 ቀይረው ተቀናሹን በ850 ትተውታል፤ 500 ብር ይመልሱልሽ። 2,165 ካየሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ከሐምሌ 2017 በፊት የነበረው ነው። ያኔ የ30 በመቶው እርከን ተቀናሽ 955 ነበር፤ በወር 395 ብር ያለ አግባብ እየተቆረጠብሽ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ስህተቱ ያንቺ ብቻ ስለማይሆን የ40ውም ሰው ወረቀት ከሐምሌ ጀምሮ እንደገና ይታይ።